የተዘበራረቁ ዓረፍተ ነገሮችን መደርደር፦ ከቃሉ ጭራ መጀመር

ሐዋሳ ውስጥ ማታ ማታ የስምንተኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችን አስጠናለሁ። ፈተና ሲቃረብ አንድ ጥያቄ በየሳምንቱ ይመጣል። «ቲቸር፣ መልሱን ስትነግሪን ልክ ነው፤ ግን እንዴት እንዳገኘሽው አይገባንም።» ወላጆችም ይሄንኑ ይጠይቁኛል። «ልጄ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር አንብቦ ይገባዋል። ደርድር ሲባል ግን ይጠፋዋል» ይሉኛል።

ልጁ የጠፋው ምክንያቱ ይታወቃል። የሚደረድረው በስሜት ነው። «ይሄ መጀመሪያ ቢሆን ደስ ይላል» ብሎ ይጀምራል። መልሱ ያለው ግን በቃሎቹ ጭራ ላይ ነው። «ገበያ» እና «ገበያው» የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ነው። ያቺ ፊደል ግን «እኔ ሁለተኛ ነኝ፣ ከእኔ በፊት ስለ ገበያ የተናገረ አለ» ትላለች። ከታች ያለው አሠራር እነዚህን ምልክቶች አንድ በአንድ መከተል ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ ነጭ ወረቀትና መቀስ (መቀስ ከሌለ በማስመሪያ አስደግፎ መቅደድ ይቻላል)
- እርሳስና ሁለት የተለያየ ቀለም ያለው እስክርቢቶ
- ከአምስት እስከ ሰባት ዓረፍተ ነገር ያለው የተዘበራረቀ አንቀጽ
- ለመጀመሪያዎቹ ልምምዶች ለአንድ አንቀጽ ሩብ ሰዓት ያህል

መቀሱን አትናቁት። ዓረፍተ ነገሮቹን ቆርጣችሁ ጠረጴዛ ላይ ስትዘረጉ እጃችሁ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ይሞክራል፤ ካልገጠሙም ያነሳቸዋል። በወረቀቱ ላይ እንደታተሙ ካያችኋቸው ግን ዓይናችሁ የታተሙበትን ቅደም ተከተል ይለምዳል። ከዚያ በኋላ መላቀቅ ይከብዳል። ፈተና ላይ መቀስ እንደማይገባ አውቃለሁ። እጁ አሥር አሥራ አምስት አንቀጽ ከለመደ በኋላ ግን ያንኑ ሥራ ዓይን ብቻውን ይሠራዋል።

አሁን አንድ አንቀጽ ይዘን እንሂድ። የምንሠራው በዚህ ነው።

ሀ. ከጀልባ የወረደውን ዓሣ ወጣቶች ተቀብለው በቢላ ይከፍቱና ሆድ ዕቃውን ያወጣሉ።
ለ. ገበያው አሞራ ገደል ይባላል።
ሐ. እነዚህን ወፎች በቅርብ ለማየትም ከሌላ ከተማ የሚመጡ እንግዶች ብዙ ናቸው።
መ. ዓሣ አጥማጆች ማታ የጣሉትን መረብ ጎህ ሲቀድ ሰብስበው በጀልባ ወደዚያ ይመጣሉ።
ሠ. በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ጠዋት ጠዋት የሚደምቅ የዓሣ ገበያ አለ።
ረ. የተጣለውን ሆድ ዕቃ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እየተሻሙ ይለቅሙታል።

1. ሁሉንም አንድ ጊዜ አንብቡ፤ ምንም አትደርድሩ

ስታነቡ አንድ ጥያቄ ብቻ መልሱ፦ አንቀጹ ስለ ምንድን ነው? እዚህ ጋ መልሱ «ሐይቅ ዳር ስላለው የዓሣ ገበያ» ነው። ይህን ሳያውቁ መደርደር የጀመሩ ልጆች ወፎቹ ላይ ተንጠልጥለው ይቀራሉ። ወፎቹ ደስ ይላሉ፤ አንቀጹ ግን ስለ ወፍ አይደለም። ከስድስቱ ዓረፍተ ነገር ወፍ ያለው በሁለቱ ብቻ ነው።

2. በአንድ ቀለም ዕዳ ያለበትን ቃል አስምሩ

ዕዳ የምለው ብቻውን የማይቆም ቃልን ነው። ከፊቱ ሌላ ዓረፍተ ነገር ካልመጣ «የቱ?»፣ «ማን?»፣ «የት?» የሚያስብል ማለት ነው። ከላይ ያሉትን በየተራ እንያቸው።

ለ ላይ «ገበያው» አለ። የቱ ገበያ? ዕዳ ነው። ሐ ላይ «እነዚህን ወፎች» አለ። የትኞቹን? ዕዳ ነው። እዚያው «ለማየትም» የሚለው ጭራ «ም»ም ቀድሞ የተነገረ ነገር አለ እያለ ይደግፈዋል። መ ላይ «ወደዚያ» አለ። ወዴት? ሀ ላይ «ከጀልባ የወረደውን ዓሣ» ይላል። ጀልባ መጣ ያለን ማን ነው? ረ ላይ «የተጣለውን ሆድ ዕቃ» አለ። ማን አወጣውና ተጣለ?

ሠ ላይስ? «የዓሣ ገበያ አለ» ይላል። «ገበያው» አላለም። ማንንም አይጠይቅም፤ ዕዳ የለበትም።

ከእነዚህ ምልክቶች ውስጥ ልጆችን የሚያሳስቱ ሦስት አሉ። እነሱ ላይ ትንሽ እንቆይ።

የመጀመሪያው «ው» ነው። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የተጠቀሰን ነገር ያመለክታል። «አንድ ነጋዴ» ይልና ቀጥሎ «ነጋዴው» ይላል። ግን ሁልጊዜ አይደለም። ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር ከሆነ ቀድሞ ሳይጠቀስም ይመጣል። ሐዋሳ ውስጥ «ሐይቁ» ካላችሁ ማንም «የቱ ሐይቅ?» አይላችሁም። «ቤቱ» ደግሞ «ያ ቤት» ሊሆን ይችላል፤ «የእሱ ቤት» ሊሆንም ይችላል። ስለዚህ ስታሰምሩ «ይህን ቃል ለመረዳት ሌላ ዓረፍተ ነገር ያስፈልገኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። የማያስፈልግ ከሆነ ዕዳ አይደለም።

ሁለተኛው «ም» ነው። «እሱም መጣ» ሲባል ከእሱ በፊት የመጣ አለ ማለት ነው፤ ጥሩ ምልክት ነው። «አልመጣም» ላይ ያለው «ም» ግን የአሉታው አካል ነው፤ ወደ ኋላ አያመለክትም። ተማሪዎቼ መጀመሪያ ላይ «ም» ባዩበት ሁሉ ያሰምራሉ። ግሡ ላይ «አል» ወይም «አይ» ካለ፣ መጨረሻው ላይ ያለውን «ም» እለፉት።

ሦስተኛው የግሡ ጭራ ነው። ረ ላይ «ይለቅሙታል» ይላል። ምኑን? «ሆድ ዕቃውን» ነው፤ እዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ አለ። ጭራው የሚያመለክተው ነገር እዚያው ካለ ግሡ ከሌላ ዓረፍተ ነገር አልተበደረም። «ወስዶ ለእናቱ ሰጣት» የሚል ዓረፍተ ነገር ቢሰጣችሁ ግን ማን? ምኑን? ሁለቱም እዚያ የሉም። ሁለቱም ዕዳ ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። «ግን» እና «ደግሞ» ብዙ ጊዜ ዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ላይ አይቀመጡም፤ ወደ ውስጥ ገባ ብለው ነው የሚገኙት። «ልጁ ግን ዝም አለ» እንላለን። የመጀመሪያውን ቃል ብቻ የሚያይ ተማሪ ያልፋቸዋል። ዓረፍተ ነገሩን እስከ አራት ነጥቡ ድረስ ፈትሹ።

3. በሁለተኛው ቀለም የሚያበድረውን ቃል አስምሩ

አሁን ደግሞ ለሌላው የሚሰጠውን ቃል ፈልጉ። አዲስ ነገር ወይም አዲስ ቦታ የሚያስተዋውቀውን ማለት ነው። ሠ «የዓሣ ገበያ» ይሰጣል። ለ «አሞራ ገደል» የሚል የቦታ ስም ይሰጣል። መ «በጀልባ» ይሰጣል። ሀ «ሆድ ዕቃ» ይሰጣል። ረ «ትልልቅ ወፎች» ይሰጣል።

ይህ ደረጃ ለምን ያስፈልጋል? ዕዳን ብቻ ካያችሁ አንዱ ዓረፍተ ነገር ለብዙዎች የሚመች ይመስላችኋል። አበዳሪው ሲታወቅ ግን ጥንዱ ራሱ ይወጣል።

4. እርግጠኛ የሆናችሁባቸውን ጥንዶች ብቻ አጣብቁ

ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አትጀምሩ። ይህን ስላቸው ብዙዎቹ ይገረማሉ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚፈልገው መክፈቻውን ነው። መክፈቻው ላይ ከተሳሳታችሁ ግን ቀጥሎ ያለው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። መሃል ላይ ያለ የማያጠራጥር ጥንድ ከያዛችሁ ግን እሱ ከእጃችሁ አይወጣም።

እዚህ የማያጠራጥረው ረ እና ሐ ናቸው። «ትልልቅ ወፎች» ያለ ረ ብቻ ነው፤ «እነዚህን ወፎች» ያለው ሐ ነው። ስለዚህ ረ-ሐ። ወረቀቶቹን አጠገብ ለአጠገብ አድርጉ። ቀጥሎ ሀ-ረ ነው፤ ሆድ ዕቃው ሳይወጣ አይጣልም። ከዚያ መ-ሀ፤ ጀልባው ሳይመጣ ዓሣ አይወርድም። አሁን መ-ሀ-ረ-ሐ የሚል ሰንሰለት አለን። የቀሩት ሠ እና ለ ናቸው።

5. መክፈቻውን በማስወጣት ለዩ

ዕዳ ያለበት ዓረፍተ ነገር አንቀጽ አይከፍትም። ከስድስቱ ዕዳ የሌለበት ሠ ብቻ ነበር። አለቀ።

እዚህ ጋ ግን ተማሪዎች በብዛት የሚወድቁበት ጉድጓድ አለ። ለ ውስጥ «አሞራ ገደል» የሚል ስም አለ። ልጆቹ የሚያውቁት ቦታ ነው፤ ቅዳሜ የሄዱበት፣ ዓሣ የበሉበት። ስሙን ሲያዩ ባንዴ ለን ያስቀድማሉ። አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ወረቀቱን አንስቶ ከሁሉም በላይ አስቀመጠው። «ለምን?» አልኩት። «ስሙ ስላለ» አለኝ። ጮክ ብሎ እንዲያነበው አደረግኩት። «ገበያው አሞራ ገደል ይባላል።» ትንሽ ዝም አለና «የቱ ገበያ?» ብሎ ራሱ ጠየቀ። ወረቀቱን አንድ ደረጃ አወረደው።

ለ የሚገባው እንግዲህ ከሠ ቀጥሎ ነው። ከመ ቀጥሎ ቢገባስ? ሠ-መ-ለ-ሀ ቢሆን? «ወደዚያ» የሚለው በሠ ብቻም ይፈታል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሲያዩት ያስኬዳል። ግን ጀልባውን ካመጣን በኋላ ወሬያችንን አቋርጠን የገበያውን ስም ልንናገር ነው፤ ከዚያ ተመልሰን ወደ ጀልባው። የመ-ሀ ጥንድ መሃሉ ይሰነጠቃል። ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አንድ ድርጊት ሲቀባበሉ መሃላቸው ማብራሪያ አታስገቡ። መልሱ ሠ-ለ-መ-ሀ-ረ-ሐ ነው።

6. ጮክ ብላችሁ አንብቡ

በልብ ማንበብ እዚህ አይሠራም። ደርዳሪው እናንተ ስለሆናችሁ አእምሯችሁ ክፍተቱን ራሱ ይሞላዋል። ድምፅ ሲወጣ ግን ጆሮ ይይዘዋል። ከተቻለ አንቀጹን ላላየ ሰው አንብቡለት። እሱ «ማን?» ወይም «የቱ?» ብሎ ያቋረጣችሁ ቦታ ስህተቱ ያለበት ነው። ፈተና ላይ ከሆናችሁ ከንፈራችሁን ብቻ እያንቀሳቀሳችሁ አንብቡ።

ምርጫ ሲሰጥ

ፈተና ላይ ብዙ ጊዜ አራት ምርጫ ይሰጣል። እንዲህ ቢመጣስ?

1) ለ-ሠ-መ-ሀ-ረ-ሐ
2) ሠ-ለ-መ-ሀ-ረ-ሐ
3) ሠ-መ-ለ-ረ-ሀ-ሐ
4) ሠ-ለ-ሀ-መ-ሐ-ረ

ስድስቱንም መደርደር አይጠበቅባችሁም። ረ-ሐ የማያጠራጥር ጥንድ እንደሆነ አውቀናል። 3ኛው ላይ ረ እና ሐ ተለያይተዋል፤ ሰርዙት። 4ኛው ላይ ተገልብጠዋል፤ ሰርዙት። የቀሩት 1 እና 2 የሚለያዩት በመክፈቻው ብቻ ነው። «ገበያው» አይከፍትም። መልሱ 2 ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ጥንድ ሳታገኙ ምርጫዎቹን አትመልከቱ። ምርጫዎቹ የተዘጋጁት አሳማኝ እንዲመስሉ ነው። ቀድማችሁ ካያችኋቸው አንዱ ይጥማችሁና እሱን ለማስረዳት ምክንያት መፈለግ ትጀምራላችሁ።

የሥራ ሂደት ሲሆን

ጥያቄው «የሥራውን ቅደም ተከተል አስቀምጡ» ከሆነ አንድ ተጨማሪ ዘዴ አለ። በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ላይ ሁለት ነገር ጻፉ፦ ምን ሆኖ ገባ? ምን ሆኖ ወጣ? የአንዱ መውጫ የሌላው መግቢያ ነው። የሲዳማን የታጠበ ቡና እንውሰድ።

ሀ. ሽፋኑ ከለቀቀ በኋላ ቡናው በንጹህ ውሃ ይታጠባል።
ለ. ገበሬው የቀላውን እሸት ቡና ለቅሞ በዚያው ቀን ወደ ማጠቢያ ጣቢያ ያደርሳል።
ሐ. የተፈለፈለው ቡና የሚያዳልጠው ሽፋኑ እስኪለቅ ድረስ ገንዳ ውስጥ ይብላላል።
መ. ፍሬው መፈልፈያ ማሽን ውስጥ ይገባና ቀዩ ልጣጭ ይወልቃል።
ሠ. የታጠበው ቡና ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል።
ረ. ማሽኑ ጋ ከመድረሱ በፊት ግን ያልበሰለውና የተበላሸው ፍሬ ተለቅሞ ይወጣል።

ለ፦ ዛፍ ላይ ያለ ገባ፣ የተለቀመ እሸት ወጣ። መ፦ እሸት ገባ፣ የተፈለፈለ ወጣ። ሐ፦ የተፈለፈለ ገባ፣ ሽፋኑ የለቀቀ ወጣ። ሀ፦ ሽፋኑ የለቀቀ ገባ፣ የታጠበ ወጣ። ሠ፦ የታጠበ ገባ፣ የደረቀ ወጣ። እነዚህ አምስቱ እንደ ሰንሰለት ተያያዙ፦ ለ-መ-ሐ-ሀ-ሠ።

ረ የት ይገባ? እዚህ ጋ ቆም በሉ፤ ጥያቄው ምን እንደሚል ተመልሳችሁ አንብቡ። መልሱ ሁለት ነው።

«ዓረፍተ ነገሮቹን አንቀጽ እንዲሆኑ ደርድሩ» ካለ ረ ከመ በኋላ ይመጣል። «ማሽኑ» ዕዳ ነው፤ ማሽን ያስተዋወቀን መ ነው። «ግን» ደግሞ መን ቀድሞ ካልሰማን አይገባንም። ስለዚህ ለ-መ-ረ-ሐ-ሀ-ሠ።

«የሥራውን ደረጃዎች እንደሚከናወኑበት ደርድሩ» ካለ ግን ረ ከመ በፊት ይገባል። የተበላሸው ፍሬ የሚለቀመው ማሽኑ ሳይነካው ነው። ስለዚህ ለ-ረ-መ-ሐ-ሀ-ሠ።

ዓረፍተ ነገሮቹ ያው ናቸው፤ የተለየው ጥያቄው ነው። «ከ… በፊት» የሚል ዓረፍተ ነገር ባያችሁ ቁጥር እርሳሳችሁን አስቀምጡና ጥያቄውን እንደገና አንብቡ። አንቀጽ ውስጥ ኋላ የተነገረ ነገር፣ ሥራው ላይ ቀድሞ የተሠራ ሊሆን ይችላል። «ከ… በኋላ» እንዲህ አያስቸግርም፤ ሀ ላይ እንዳያችሁት የአነጋገሩና የሥራው ቅደም ተከተል አብሮ ይሄዳል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ቡና አፍልታችሁ፣ ቆጮ ጋግራችሁ ታውቁ ይሆናል። ሥራውን ስለምታውቁት ዓረፍተ ነገሩን ሳታነቡ በልማዳችሁ ትደረድራላችሁ። ቤታችሁ የሚሠራበት መንገድና ጽሑፉ ላይ ያለው ላይገጥም ይችላል። የምትደረድሩት የተጻፈውን ነው።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ሌሎች ስህተቶች

«በመጨረሻም» የሚለውን አይቶ ያለ ምንም ማጣራት የመጨረሻ ማድረግ። ብዙ ጊዜ ልክ ይሆናል። ግን ከእሱ ቀጥሎ ውጤቱን የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ሊኖር ይችላል። ዕዳውን ፈትሹ።

«ስለዚህ» የሚለውን ምክንያቱ ሳይታይ ማስቀመጥ። ከፊቱ ያለውን ዓረፍተ ነገር «ምክንያቱም» ብላችሁ ከኋላው አንብቡት። ካልገጠመ ቦታው እዚያ አይደለም።

አንድ ዓረፍተ ነገር ሲተርፍ በግድ መጨረሻ ላይ መለጠፍ። የተረፈው የሚበዛው ጊዜ መሃል ያለ ነው፤ ጥንድ ስታጣብቁ ያለ በቂ ምክንያት ያጣበቃችሁት ቦታ አለ ማለት ነው። በጣም ያመናችሁበትን ትታችሁ በጣም የተጠራጠራችሁበትን ጥንድ አላቅቁ።

አሁን ራሳችሁ ሞክሩ

ሀ. እሱም ሳይከፋው ባጃጁን አዙሮ መለሳት።
ለ. አንዲት ተማሪ ፈተና ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ባጃጅ ያዘች።
ሐ. መንገድ ላይ ግን የመፈተኛ ካርዷን ቤት እንደረሳች ትዝ አላት።
መ. ካርዱን ይዛ ስትወጣ የቀራት አሥር ደቂቃ ብቻ ነበር።
ሠ. ደንግጣ ለሹፌሩ ነገረችው።

ሳትቸኩሉ ሠርታችሁ ከታች አመሳክሩ።

መልሱ ለ-ሐ-ሠ-ሀ-መ ነው። የማያጠራጥረው ጥንድ ሠ-ሀ ነው፤ ከአምስቱ ውስጥ «እሱም» ሊሆን የሚችል ወንድ ሹፌሩ ብቻ ነው። ሐ-ሠ ደግሞ «ደንግጣ» ከሚለው ይወጣል፤ ያስደነገጣት ካርዷን መርሳቷ ነው። መ ላይ «ይዛ ስትወጣ» ለማለት ቀድማ ቤት መመለስ አለባት፤ የመለሳት ሀ ላይ ነው። ለ ላይ «አንዲት» አለ፤ ዕዳ የለበትም፤ ይከፍታል። «ሹፌሩ» ላይ የተቸገራችሁ ትኖራላችሁ። ቀድሞ «ሹፌር» ያለ ዓረፍተ ነገር የለም። ግን ለ ላይ ባጃጅ ይዛለች፤ ባጃጅ ካለ ሹፌር አለው። ያበደረው «ባጃጅ» የሚለው ቃል ነው። አበዳሪውን ስትፈልጉ ያንኑ ቃል ካጣችሁ፣ አብሮት የሚኖረውን ነገር ፈልጉ።